ለሂሳብ ሠራተኛ 4 ከ5 ስንሰጥ፣ የሰጠነው ለምኑ ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጃችን፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋና እኔ። እኔ የፋይናንስ ክፍሉን ነው የማስተባብረው፤ የሚቀጠረው ሰው ከእኔ ጎን ነው የሚቀመጠው። ማስታወቂያው ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ሲቪው በፌስታል እየታጨቀ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ አካውንቲንግ ጨርሶ ሥራ የሚፈልገው ሰው ብዛት ለእናንተ አይነገርም። ከዚያ ሁሉ ለይተን ስምንት ሰው ጠራን።

ከስምንቱ አንዱ ገና ሲገባ ክፍሉን ሞላው። ሱፉ ልክክ ያለ፣ እንግሊዝኛው የማያደናቅፈው፣ አጨባበጡ ሳይቀር የሚያምር ልጅ ነው። «ስለ ራስህ ንገረን» ስንለው ሳያቋርጥ አወራ። ወጥቶ በሩ በቅጡ ሳይዘጋ ሥራ አስኪያጃችን «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው!» አሉ። ከእሱ ቀጥላ የገባችው ልጅ ደግሞ ድምጿ አይሰማም። «እስኪ ጮክ በይ» ተባለች፤ ትንሽ ጮክ አለችና መልሶ ጠፋባት። ስለ ራሷ የተናገረችው ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው።

የነጥብ ቅጽ አልነበረንም ማለት አይቻልም። ነበረን። አምስት መስመር ነው፦ አለባበስና አቀራረብ፣ በራስ መተማመን፣ የመግባባት ችሎታ፣ የሥራ ልምድ፣ የትምህርት ዝግጅት። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ልጁ 4 በ4 ሆኖ ወጣ። ልጅቷ 2 እና 3። ሦስታችንም የጻፍነው ቁጥር ተመሳሳይ ስለነበር «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ሊያልቅ ነው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ ግን እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች። ከነጥቡ ጎን «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ለዓመታት ማንም ሞልቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ‹በራስ መተማመን 4› ላልነው ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለቻቸው።

ሥራ አስኪያጃችን «ዓይን ዓይን እያየ ነው የሚያወራው» አሉ። የሰው ኃይሏ «አይ፣ እኔ እንኳ የሰጠሁት ስላልደነገጠ ነው» አለች። ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷም ጠበቀች። እኔ የማስታውሰው ቁጥሬን የጻፍኩት «ጎበዝ ነው» ከተባለ በኋላ መሆኑን ነው። «ታዲያ 5 ያልሆነው ምን ጎድሎት ነው?» ብላ ደገመች፤ ለነገር አልነበረም፣ እውነት የምትጽፈው ስለቸገራት ነው። ማንም አልመለሰላትም። ቀጥሎ ያሰብኩት ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ስምንት ሰው አስገብተን አስወጥተን፣ አንዱም ሰው አንድ ቫውቸር እንኳ በእጁ ነክቶ ሳናየው ልንቀጥር ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ግልጽ ሰው ናቸው። «እንግዲያው የምታምኑበትን ቅጽ ሠርታችሁ አምጡ፤ ቅጥሩ ይቆይ» አሉን። የሚከተለው ያ ቅጽ እንዴት እንደተሠራ ነው።

## መስመሮቹ ከየት ይምጡ?

የመጀመሪያው ፈተና «ጥሩ ሂሳብ ሠራተኛ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መጀመር ነው። እዚያ ከገባችሁ ታማኝ፣ ትጉ፣ ተግባቢ፣ ጠንቃቃ እያላችሁ ትደረድራላችሁ። ያንን ቁጭ ብሎ በማየት የሚለካ ሰው የለም። እኛ ሰውየውን ትተን ሥራውን ያዝን። ከዚያ በፊት የነበረችው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ስትለቅ ጠረጴዛዋ ላይ የተወችውን የአንድ ወር ፋይል ገለጥነው።

ሥራው ውስጥ ያገኘነው ይኼ ነው። የዕለት ሽያጭ ገንዘብን ከባንክ ማስገቢያ ስሊፕ ጋር ማመሳከር። የክፍያ ቫውቸር ማዘጋጀት። ለትንንሽ ወጪ የሚቀመጠውን ጥሬ ገንዘብ፣ ፔቲ ካሹን፣ መያዝ። የግዢ ደረሰኞችን ለወሩ የቫት ማሳወቂያ አጣርቶ ማሰናዳት። በወር መጨረሻ ባንክ ሪኮንስሌሽን መሥራት፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር አመሳክሮ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማግኘት። እኛን ያመመንም እዚያው ተጽፎ ነበር፤ የሁለት ወር ሪኮንስሌሽን ተከማችቷል፣ የድርጅቱ ቲን ቁጥር ያልሰፈረባቸው ደረሰኞች ተቀባይነት አጥተው ተመልሰዋል። አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ወጣ። ሠራተኛዋ በቀን ውስጥ ደጋግማ የምታወራው ከሾፌሮችና ከሽያጭ ልጆች ጋር ነው፤ «ይኼ ደረሰኝ አያገለግልም» ብላ ለማስረዳት።

ከዚህ አራት መስመር አወጣን። የባንክ ሪኮንስሌሽን 40 በመቶ። ሰነድ መመርመር 25። የጎደለ ጥሬ ገንዘብ ሲገጥም የሚደረገው 20። ሂሳብ ላልተማረ ሰው ማስረዳት 15። አለቀ።

የተውነው ከያዝነው በላይ አከራከረን። አለባበስ ወዲያው ወጣ። እንግሊዝኛ ላይ ቆየን። የሂሳብ ሶፍትዌራችን ፒችትሪ በእንግሊዝኛ ነው፣ የባንክ ስቴትመንቱም በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋው ያስፈልጋል። ግን የሚያስፈልገው ለማንበብ እንጂ ለመናገር አይደለም። ፈተናው ላይ ያለውን ስቴትመንት አንብቦ ከሠራ ቋንቋውም እዚያው ተለካ። ዲግሪና የሥራ ዘመንም ወጡ፤ ሲቪ ስንመርጥ አንዴ ተጠቅመንባቸዋል፣ እንደገና ነጥብ ከሰጠንባቸው ያው ሰው ሁለት ጊዜ ይሸለማል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የእኛ የድሮ ቅጽ ከአምስቱ መስመር ሦስቱን ለጥምጥሙ ነበር የሰጠው።

## 2,700 ብሩ

ዋናው የሪኮንስሌሽን ፈተናው ነው። ከእውነተኛ ፋይላችን ወስደን ቁጥሩንና ስሙን ቀይረን አንድ ገጽ የባንክ ስቴትመንትና አንድ ገጽ ሌጀር፣ የራሳችንን የሂሳብ መዝገብ፣ አዘጋጀን። ለሁሉም 30 ደቂቃ፣ ካልኩሌተር፣ ባዶ ወረቀት።

ሌጀሩ 184,350 ብር ይላል። ባንኩ 201,920 ይላል። ልዩነቱ 17,570 ነው። የተደበቁት ነገሮች አራት ናቸው። እኛ የጻፍናቸው ባንክ ያልደረሱ ሁለት ቼኮች አሉ፣ 24,600 እና 8,500። በወሩ የመጨረሻ ቀን የገባ፣ ስቴትመንቱ ላይ ገና ያልታየ 12,480 ብር አለ። ባንኩ የቆረጠው 350 ብር የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ እኛ ጋ አልተመዘገበም። አራተኛው ተንኮለኛው ነው። በ6,300 ብር የተከፈለ ቼክ ሌጀራችን ላይ 3,600 ተብሎ ተጽፏል።

በባንኩ በኩል ስትሄዱ 201,920 ላይ 12,480 ደምራችሁ 33,100 ስትቀንሱ 181,300 ይመጣል። በእኛ በኩል ከ184,350 ላይ 350 ስትቀንሱ 184,000 ላይ ትቆማላችሁ። 2,700 አልገጠመም። ልምድ ያለው ሰው 2,700 ለ9 ሲካፈል ቀሪ እንደሌለው ያይና «ቁጥር ተገላብጦ ተጽፏል» ብሎ ይጠረጥራል፤ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ይህን ዘዴ የማያውቅም ቼክ በቼክ ምልክት እያደረገ ከሄደ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «4 ምን ማለት ነው?» ለሚለው መልስ የሚሆነው አንድም ተወዳዳሪ ሳይገባ በፊት መጻፍ አለበት። 5 ማለት 2,700ውን አግኝቶ የትኛው ቫውቸር እንደሚስተካከልም የጻፈ ነው። 4 ማለት ስህተቱን ያገኘ፣ ማስተካከያውን ግን ያልጻፈ ወይም በተሳሳተ በኩል የጻፈ። 3 ማለት ቼኮቹን፣ ገቢውንና የባንክ ክፍያውን በትክክል ለይቶ «2,700 ልዩነት አለ፣ ምክንያቱን አላገኘሁም» ብሎ በግልጽ የተወ። 2 ማለት ከሦስቱ አንዱን የሳተ ወይም መደመር ያለበትን የቀነሰ። 1 ማለት አሠራሩን የማያውቀው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሳ። 2,700ውን «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ ከትቶ ሁለቱን በኩል እኩል አድርጎ የሚያመጣስ? ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ ቁጥሩ ገጥሟል። የሰው ኃይሏ «ቢያንስ ጨርሷል፣ 3 ይገባዋል» አለች። እኔ 1 ነው አልኩ። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልዩነቱን በግልጽ የተወው ሰው ነገ አብረን እንድንፈልገው አድርጓል። ደብቆ ያመጣጠነው ግን ስህተቱን ቀብሮታል፤ ኦዲተር እስኪመጣ ማንም አያየውም። ተስማማን፣ 1 ሆነ። ይህ ክርክር የተካሄደው ሰው ከመግባቱ በፊት መሆኑ ነው ጥቅሙ። የምንወደው ልጅ ወረቀቱን እንደዚያ አድርጎ ቢያመጣ ኖሮ 3 እንዲሆን ምክንያት አናጣም ነበር።

ወረቀቶቹ ላይ ስም አይጻፍም። የሰው ኃይሏ ቁጥር ሰጠቻቸው፣ የቁጥሩና የስሙ ዝርዝር እሷ ጋ ተቆልፎ ቆየ፤ ያረምኩት እኔ ነኝ። እኛ አገር ስም ብቻውን ብዙ ያወራል። ሃይማኖትን ይናገራል፣ አንዳንዴ የመጣበትን አካባቢ ይናገራል። «እኔ እንደዚያ አላይም» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ላያይ ይችላል፤ ስሙ ከሌለ ግን ማየት አለማየቱ ጉዳይ አይሆንም።

የሰነዱን ፈተና ባጭሩ ልንገራችሁ። ስድስት ሰነድ ያለበት አንድ የፔቲ ካሽ ጥቅል ነው። ሦስቱ ችግር አለባቸው። አንዱ ደረሰኝ የእኛ ቲን ቁጥር የለውም። አንዱ ላይ የ8,400 ብር ዕቃ ቫት 1,620 ተብሏል፤ 15 በመቶው 1,260 መሆን ሲገባው። አንዱ ቫውቸር በፊደል «ሦስት ሺህ አምስት መቶ» ብሎ በአሃዝ 3,050 ይላል። ትክክለኛውን ሰነድ ያለምክንያት የሚመልስ ሰውም ነጥብ ይቀነስበታል። ሁሉን የሚጠረጥር ሠራተኛ ሾፌሩን ሦስቴ ያመላልሰዋል።

## «ከኪሴ እሞላዋለሁ»

ቀድሞ የምንጠይቀው «ታማኝነት ለአንተ ምንድን ነው?» ዓይነት ነበር። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። እሱን አንድ ሁኔታ ሰጥቶ በመጠየቅ ተካነው፤ ለሁሉም አንድ ቃል ሳይለወጥ ይነበባል።

«የፔቲ ካሽ ሳጥኑ 10,000 ብር ነው። ሊዘጋ ሲል ቆጠርክ፤ ጥሬው 2,830፣ የቫውቸሮቹ ድምር 6,820 ነው። ሰዓቱ 11 ሰዓት ከሩብ ነው፣ አለቃህ ወጥቷል። ምን ታደርጋለህ?»

«ገጥሞህ ያውቃል ወይ?» ብለን ያልጠየቅነው ሆን ብለን ነው። እሱን ብንጠይቅ ገና የተመረቀ ልጅ የሚያወራው ያጣል፤ ካሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጎድሎበት አያውቅም።

መጀመሪያ የሚለካው 350 ብር መጉደሉን ራሱ ማስላቱ ነው፤ አንነግረውም። 5 የምንሰጠው እንደገና ቆጥሮ፣ ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ ደምሮ፣ ለሰው በብድር የወጣና ወረቀት ያልተቆረጠለት ካለ ፈትሾ፣ ካልተገኘ ጉድለቱን ከነቀኑ ጽፎ ፈርሞ በዚያው ቀን ደውሎ ለሚያሳውቅ ነው። 3 እንደገና ቆጥሮ ነገ ጠዋት ለሚናገር።

«ከኪሴ እሞላዋለሁ» የሚለውስ? ይህን መልስ ስንሰማ ሁላችንም ልባችን ይራራል፤ ጨዋ ልጅ ይመስላል። ወላጆቻችንም እንደዚያ ነው ያሳደጉን። ግን አስቡት። ዛሬ 350 ከኪሱ የሞላ ሠራተኛ ነገ 350 ሲተርፈው ምን ያደርጋል? «የኔው ነው» ብሎ ቢወስደው ማን ይፈርድበታል? ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን ምንም አይነግረንም። ለሦስተኛ ሰው የተከፈለ ትርፍ ገንዘብ ካለም እዚያው ተቀበረ። ለዚህ መልስ 2 መደብን። 1 ያላደረግነው ቢያንስ ጉድለቱን አስልቶ ስላገኘው ነው። የሰው ኃይሏ እስከ ዛሬ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ እሷ እንዳለችው መልሱ የመጣው ከአስተዳደግ ነው፣ በሥልጠና ይቃናል። እኔም ይቃናል ባይ ነኝ፤ ነጥቡ የሚለካው ግን ዛሬ ያለውን ነው።

በነገራችን ላይ ከቅጹ ጋር አብረው የተሰረዙ ጥያቄዎች አሉ። «የት ተወለድሽ?»፣ «እገሌን ታውቀዋለህ?»፣ ለሴቶች ብቻ የሚቀርበው «ለማግባት አስበሻል?»። የመጨረሻውን የሚከላከሉት «በወር መጨረሻ እናመሻለን፣ ስለዚህ ማወቅ አለብን» እያሉ ነው። እንግዲያው ማምሸቱን ራሱን ጠይቁ። እኛ ለወንዱም ለሴቷም «በወር መዝጊያ ቀናት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የምንቆይበት ጊዜ አለ፣ ይመችዎታል?» ብለን በስልክ ስንጠራቸው እንጠይቃለን። ነጥብ የለውም። አዎ ወይም አይ ነው።

## ሳይነጋገሩ መጻፍ

ቅጹ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሦስት ሰው ተነጋግሮ ከሞላው የአንድ ሰው ቅጽ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣን። ተወዳዳሪው ከወጣ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ማንም አያወራም። እያንዳንዱ የሰማውን ይጽፋል፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ ከዚያ ይፈርማል። ከተፈረመ በኋላ ነው መነጋገር። ሲነገርም ከታች ይጀመራል፤ ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ ላይ ናቸው። ይህን ለእሳቸው መንገሩ ቀላል አልነበረም። «አፌን ልትዘጉት ነው?» ብለው ሳቁ፤ ግን ጠበቁት።

ልዩነቱ አንድ ነጥብ ከሆነ አማካዩን ወስደን እናልፋለን። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ አማካይ አይወሰድም፤ ሁለቱም የጻፉትን ያነባሉ። አንድ ምሳሌ። በጥሬ ገንዘቡ ጥያቄ ላይ ለአንድ ተወዳዳሪ የሰው ኃይሏ 5፣ እኔ 3 ሰጠን። የጻፍነውን ስናነብ እሷ «በዚያው ቀን ያሳውቃል» ብላለች፣ እኔ «ነገ ጠዋት» ብያለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ልጅ የእሱን ንግግር ቃል በቃል ይዛው ነበር፦ «ወዲያው ነው የምነግረው፣ ጠዋት እንደገባሁ።» 3 ሆነ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የድሮው ዘዴ ቢሆን «አይ፣ ጨዋ ልጅ ነው»፣ «አይ፣ ትንሽ ቸልተኛ ይመስላል» እየተባባልን እንመሽ ነበር።

የስሜት ጉዳይም አለ። ሥራ አስኪያጃችን «የሰላሳ ዓመት ልምዴን የት ላድርገው?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም ያለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን የ21 ዓመት ወጣት መኮንን ሳለ ለእስራኤል ጦር የምልምሎች ቃለ መጠይቅ እንደገና እንዲሠራ ታዝዞ ነበር። ጠያቂዎቹ ስድስት ባሕርያትን አንድ በአንድ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ፣ ከ1 እስከ 5 እንዲሰጡ አደረገ። ጠያቂዎቹ ተቆጡ፤ ማሽን ልታደርገን ነው አሉት። እሱም አንድ ነገር ጨመረላቸው፦ ሁሉንም ነጥብ ሰጥታችሁ ስትጨርሱ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ምልምሉን ወታደር ሆኖ አስቡት፣ አንድ የመጨረሻ ነጥብ ስጡት። ያ የመጨረሻ ነጥብ ከስድስቱ ድምር ባልተናነሰ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ስሜት የሚጠቅመው ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሲመጣ ነው ማለት ነው። እኛም ከቅጹ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርን። አራቱ ከተፈረሙ በኋላ ብቻ ይሞላል፤ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ሁለት ሰዎች እኩል ከወጡ ይታያል።

## ክብደቱን ማን ይነካል?

ስምንቱን መልሰን ጠራናቸው። ሰባቱ መጡ። ያ ሱፍ የለበሰው ልጅም፣ ድምጿ የማይሰማው ልጅም ነበሩ።

የልጁ ነጥብ እንዲህ ወጣ፦ ሪኮንስሌሽን 2፣ ሰነድ 3፣ ጥሬ ገንዘብ 4፣ ማስረዳት 5። ማስረዳቱ በእውነት ያምራል። የሰው ኃይሏ ደረሰኙ የተመለሰበት ሾፌር ሆና ተጫወተች፤ እሱም አረጋግቶ፣ ቲን ቁጥር ምን እንደሚሠራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮ፣ ሱቁ ተመልሶ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሳይቀር አሳያት። የልጅቷ፦ ሪኮንስሌሽን 5፣ ሰነድ 4፣ ጥሬ ገንዘብ 3፣ ማስረዳት 2። «ሾፌሩ» ሲጮህባት «እሺ፣ ይተዉት» ብላ ደረሰኙን ተቀበለችው።

አራቱን ዝም ብላችሁ ደምራችሁ ለአራት ብታካፍሉ ሁለቱም 3.5 ናቸው። እኩል። በክብደቱ ሲባዛ ግን እሱ 3.10፣ እሷ 3.90። እዚህ ጋ ክፍሉ ትንሽ ሞቀ። ሥራ አስኪያጃችን ቅጹን አገላብጠው አዩና «ለማስረዳት 15 ብቻ ነው የሰጠነው? ሰው የሚያስኬደው እኮ አፍ ነው» አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ግን እዚያች ሰዓት ላይ ክብደቱን መቀየር ማለት ሰውን መምረጥ ማለት ነው። 15ቱን ወደ 35 ብታወጡትና ሪኮንስሌሽኑን ወደ 20 ብታወርዱት ልጁ ያሸንፋል፤ ማንም ሰው የፈለገውን አሸናፊ ሊያወጣበት ይችላል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እንደሚባለው፣ ዝምድናው የግድ የደም አይደለም። ሥራ አስኪያጃችን ከሽያጭ ነው የመጡት፣ ልጁ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። እኔም ብሆን ዝም ብላ የምትሠራ ልጅ ስትመጣ ልቤ ወደ እሷ ያደላል፤ ስለዚህ የእኔም ቃል እዚያ ሰዓት ብዙ አይታመንም። የሚታመነው ማንም ሳይገባ በፊት ሦስታችን የፈረምንበት ወረቀት ነው። የሰው ኃይሏ ያንን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀኑ ተጽፎበታል። ክርክሩ እዚያ ቆመ።

## ቅጹ የማይደርስበት

ልጅቷ ተቀጠረች። ቅጹ ግን የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። ታማኝነትን አይለካም፤ ለዚያ ዋስ፣ ከቀድሞ አሠሪ መጠየቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቼክ የሚያዘጋጀውና የሚፈርመው አንድ ሰው እንዳይሆን ማድረግ ነው ያለው። ትቆያለች ወይስ ትለቃለች የሚለውንም አይናገርም። ሲቪ ስንለይ የጣልናቸው ሰዎች ውስጥ ከእሷ የሚሻል እንደነበርም አይናገርም። ስምንቱን የመረጥነው በድሮው ዓይናችን ነው፤ እሱ ገና አልተነካም።

ጥናቱም ቢሆን ተአምር አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ለዓመታት የተከማቹ የቅጥር ጥናቶችን እንደገና አስልተው፣ እንዲህ ተደርጎ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ከኋላ የሥራ ውጤት ጋር ያለውን ግንኙነት 0.42 አድርገው አገኙት። ያልተዋቀረው 0.19 ነው። 1 ማለት ፍጹም መገጣጠም ነው። የተሻለ ነው፣ በጣም የተሻለ፤ ግን ከተዋቀረም በኋላ ብዙው ሳይታወቅ ይቀራል።

በሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እሱ ሲያልቅ ልጅቷን በእነዚያው አራት መስመሮች መዘንኳት፤ በዚህ ጊዜ በፈተና ወረቀት ሳይሆን በሠራችው ሥራ። ሪኮንስሌሽኑ በየወሩ በሰዓቱ ይደርሳል፤ የተከማቸውም ተጠርጓል። ማስረዳቱ ላይ ግን ያው 2 ነው። ሾፌሮቹ ጠጋ ብለው ካኮረፏት ደረሰኙን ትቀበላለች፣ ከዚያ እኔ ጋ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ወርጄ ነው የምመልሰው። ሥራ አስኪያጃችን በየሳምንቱ «አላልኳችሁም?» ይሉኛል። በዚህ በኩል ልክ ናቸው።

በቅርቡ ሁለተኛ ሂሳብ ሠራተኛ እንቀጥራለን። ማስረዳት ወደ 20 እንዲወጣ፣ ሰነድ መመርመር ወደ 20 እንዲወርድ ተስማምተናል። የሲቪ መለያውም በቁጥር እንዲሆን የሰው ኃይሏ ረቂቅ ይዛለች፤ «ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ» የሚለው መስመር ላይ ገና እንጨቃጨቃለን። ማስታወቂያው እስኪወጣ ሁለት ሳምንት አለን፤ እስከዚያ ማንም የፈለገውን መስመር መንካት ይችላል።